ታሪኩን ቃሉ ሲጠራው



እዚህ ኮልፌ ቀራኒዮ ድረስ የጠራችሁኝ ተማሪዎች በጣም ስለሚቸገሩበት አንድ ጉዳይ እንድናገር ነው። ተማሪው ከአንድ ልብ ወለድ የተቀነጨበ ምንባብ ይሰጠውና «ይህን ምንባብ በቅርብ አንብበህ ተንትን» ይባላል። ከደራሲው የሕይወት ታሪክና ከዘመኑ ታሪክ ምን ያህሉን ያስገባ? ጭራሽ ካላስገባ አላዋቂ እመስላለሁ ብሎ ይሰጋል። ካስገባ ደግሞ ወረቀቱ ያልቃል፤ ምንባቡ ሳይነካ ይቀራል። ምሳሌዬን የምወስደው አብዛኞቻችሁ በትምህርት ቤት ካነበባችሁት ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከሰማችሁት ከሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

በእርማት ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የሚከተለውን አንቀጽ ለምሳሌ ያህል ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ መምህራን ግን ወዲያው የሚያውቁት ይመስለኛል። «ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ጣልያን አገር ታሰሩ። በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር በፊውዳሉ ሥርዓት ላይ የተነሣ መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመን ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እያሉ ይጮኹ ነበር። ስለዚህ ባላገሮቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ማመፃቸው ደራሲው የመሬት ሥሪቱን መቃወማቸውን ያሳያል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ውሸት የሆነ ቀን የለም። ከምንባቡ የተወሰደ ግን አንድ ቃል እንኳ የለም። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ይህን ከመጽሐፉ ጀርባ ሽፋንና ከጓደኛው ማስታወሻ አገናኝቶ ሊጽፈው ይችላል። የሚያስጨንቀኝ ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። «ስለዚህ» ይላል። ከልደት ቀን ተነሥቶ፣ በእስር ቤትና በኤምባሲ አልፎ፣ በተማሪዎች ሰልፍ በኩል ወደ ባላገሮቹ አመፅ ሲደርስ ማሰሪያው ይህ ቃል ብቻ ነው። ምንባቡ ምን እንዳለ ሳይጠየቅ ተደመደመ። ታሪኩ የምንባቡን ሥራ ወሰደበት ማለት ነው።

መድኃኒቱ ታሪክን ማባረር ነው የሚሉ አሉ። በእንግሊዝ አገር አይ. ኤ. ሪቻርድስ የሚባል መምህር በ1929 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ የዘገበው ሙከራ ታዋቂ ነው። የደራሲዎቹንም ስም የተጻፉበትንም ዘመን ሰውሮ ግጥሞችን ለተማሪዎቹ ሰጣቸውና ያነበቡትን እንዲጽፉ አደረገ። ተማሪዎቹ ታላላቅ የሚባሉትን ጣሉ፣ ተራ የሚባሉትን አነሡ፤ አንዳንዶቹ ግጥሙ በቁሙ ምን እንደሚል እንኳ ስተዋል። ከዚህ የተማርነው ስምና ዘመን በሌለበት ሰው ምን ያህል በደንብ እንደማያነብ ነው። ሙከራውን ስም መደበቅ ጥሩ አንባቢ ያደርጋል ለማለት የሚጠቅሱት ሰዎች ውጤቱን ልብ ብለው ያዩት አይመስለኝም።

እኛ ግን ለዚህ ጥያቄ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን ችግሩን ከብዙ ዘመን በፊት በሥርዓት ፈተውታል። አንድምታ በሚባለው የትርጓሜ ባህል መምህሩ መጀመሪያ ንባቡን ይላል። ከዚያ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል። ቀጥሎ «አንድም» እያለ ሌሎች የትርጉም መንገዶችን ይከፍታል። ማብራሪያ ያስፈለገው ነገር ሲኖር ሐተታ ያክላል፤ ንባቡ ያለ ታሪክ የማይገባ ሲሆን ደግሞ «ታሪክ» ብሎ ታሪኩን ይተርካል። ታሪኩ ሲያልቅ ወደ ንባቡ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉልኝ። አንደኛው፣ ታሪኩ የሚመጣው ከንባቡ አንድ ቃል ወይም ሐረግ ሲጠራው ነው። ሁለተኛው፣ ታሪኩ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ከትርጉሙ ጋር አይደባለቅም፤ ሰሚው የቱ ንባብ፣ የቱ ታሪክ እንደሆነ ያውቃል።

መዝሙር 50ን ውሰዱ። የዳዊት የንስሐ መዝሙር ነው። ርእሱ ራሱ ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት የመጣበትን ጊዜ ያነሣል። ስለዚህ የኦርዮንና የቤርሳቤህን ታሪክ የማያውቅ ሰው መዝሙሩ ስለ ምን በደል እንደሚናገር አይገባውም፤ ታሪኩ መነገር አለበት። ነገር ግን ዳዊት ጎልያድን መግደሉ፣ በሳኦል ቤት በገና መደርደሩ፣ ወደ ፍልስጥኤም መሸሹ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ለዚህ መዝሙር አይጠራም። ታሪኩ የዳዊት ስለሆነ ብቻ አይገባም፤ ይህ መዝሙር የጠራው መሆን አለበት። ይህን ልክ ለተማሪዎቻችን ብናስተምር ከአውሮፓ የምንዋሰው ንድፈ ሐሳብ ግማሹ ትርፍ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ባላገሮቹ ልመለስና ይህን ልክ እዚያ ላይ እንሞክረው።

በመጽሐፉ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮች ከተለመደው ግብር በላይ የሚጠየቁትን አንሰጥም ይላሉ። መሪያቸው አበጀ በለው ነው። ፊታውራሪ ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው ሊቀጧቸው ይዘምታሉ፤ ዘመቻው የሚያልቀው ግን በእሳቸው ውርደት ነው። ተማሪው ይህን ምንባብ ሲተነትን ጥያቄው ይህ ነው እንበል፦ ባላገሮቹ እምቢ ሲሉ በምን ድምፅ ነው የሚናገሩት? እንደ አመፀኛ ነው ወይስ እንደ ባለመብት?

ምንባቡን ብቻ ይዘን ስንነሣ አንድ ነገር ይታያል። ባላገሮቹ ከሥርዓቱ ውጪ ቆመው አይናገሩም። የሚገባውን እንሰጣለን፣ የማይገባውን አንሰጥም ነው የሚሉት። ክርክራቸው በልክ ላይ ነው። የከተማ አንባቢ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ በምን ተማምነው ነው እንዲህ የሚሉት? ነገ ጌታው ከመሬታቸው ቢያፈናቅላቸውስ? ታሪክ የሚጠራው እዚህ ቦታ ላይ ነው። መልሱ የጎጃም የመሬት ሥሪት ነው። በጎጃም ባላገሩ መሬቱን በዘር ሐረግ በወረሰው ርስት ይይዝ ነበር። ጌታው በላዩ የነበረው መብት ጉልት ነው፤ ይኸውም ከባላገሩ ግብርና አገልግሎት የመቀበል መብት እንጂ የመሬቱ ባለቤትነት አይደለም። ባላገሩ ጌታውን ቢያስቀይም ብዙ መከራ ሊያገኘው ይችላል፤ ርስቱ ግን የጌታው ችሮታ አልነበረም።

ይህ ማብራሪያ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። የሚሠራው ሥራ ግን ትልቅ ነው፤ የምንባቡን ድምፅ ይለውጣል። ባላገሮቹ መሬት አልለመኑም፤ መሬት አላቸው። የሚከራከሩት ጌታው ከመብቱ ወሰን ማለፉን ነው። ስለዚህ በዚያ ክርክር ውስጥ ሕግ የሚጥሱት ፊታውራሪ ናቸው፤ ሥርዓት ጠባቂዎቹ ባላገሮቹ ናቸው። ፊታውራሪ «አመፁብኝ» ብለው ሲቆጡና ባላገሮቹ ደግሞ ልማዱን ሲጠቅሱ ተራኪው የማንን ሚዛን እንደያዘ ማየት የምንችለው ይህን ካወቅን በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ገጹ ተመልሰን የፊታውራሪን የቁጣ ንግግር፣ የባላገሮቹን እርጋታ፣ ተራኪው በማን አንደበት ላይ እንደሚቆይ አንድ በአንድ እንመለከታለን።

«መሬት ለአራሹ»ን ያስገባው ተማሪ የተሳሳተውም በዚሁ ነጥብ ነው። ያ መፈክር በየካቲት 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሰማ በዋናነት ያነጣጠረው በሌላው ሰው መሬት ላይ የሚያርሰው ጭሰኛ ባለበት ሁኔታ ላይ ነበር፤ ይህ ደግሞ በተለይ በደቡብ ሰፊ ነበር። የርስት ባለቤት የሆነውን የጎጃም ባላገር በዚህ መፈክር ብናነበው ባለመብቱን ለማኝ እናደርገዋለን። ታሪኩ ትክክል ነው፣ ዘመኑም ከመጽሐፉ መታተም ጋር ይቀራረባል፤ ግን ምንባቡን ያጨልመዋል። መጥፎ ዳራ ሁልጊዜ ሐሰት አይሆንም። ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ የሌላ ቦታ እውነት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁለት ዘመኖችን እንዲለዩ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ድርሰቱ የተጻፈበት ዘመን አለ፤ ድርሰቱ የሚተርከው ዘመን አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የሚተርከው ግን ከጣልያን ወረራ በፊት የነበረውን ጎጃም ነው። በባላገሮቹ አፍ ውስጥ ስላለው ነገር የሚያስረዳን የኋለኛው ነው። ደራሲው ለምን ይህን ታሪክ መርጠው በዚያ ዓመት አሳተሙት ለሚለው ጥያቄ ግን የፊተኛው ያስፈልጋል፤ ያ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የምንባብ ትንተና ጥያቄ ግን አይደለም።

ሦስተኛም ዘመን አለ፤ እሱ ከሁሉም በላይ ያሳስታል። ከመጽሐፉ በኋላ የመጣው ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ተነሣ፤ ግጭቱም የከረረ ነበር። መጽሐፉን አንብቦ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ማገናኘት ያምረዋል። ሀዲስ ዓለማየሁ የመጣውን ቀድመው አዩት ማለት ይፈልጋል። ሊለው ይችላል፤ ስለ መጽሐፉ ዕጣ በሚጻፍ መጣጥፍ ውስጥ አስደናቂ አንቀጽ ይሆናል። ግን አበጀ በለው ለምን እንደዚያ እንደተናገረ የሚያስረዳ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የሆነ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ያለን ቃል ሊያስከትል አይችልም። ተማሪዎቼን የማዘው ቀላል ነገር ነው፦ በዳራችሁ ውስጥ ከጠቀሳችሁት ዓመት ጎን የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት ጻፉ። የእናንተ ቁጥር ከበለጠ ያ ዓረፍተ ነገር ከትንተናው ይውጣ።

ስለ ዘመኑ ታሪክ ይህን ያህል ካልኩ ስለ ደራሲው ሕይወት ልናገር። ይህ የባሰ ይፈትናል፤ ምክንያቱም የሀዲስ ዓለማየሁ ሕይወት ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከበዛብህ ሕይወት ጋር ብዙ ይገጥማል። ሀዲስ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ ዲማም ተምረዋል። በዛብህም ቅኔ ተምሮ ዲማ ይደርሳል፤ የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምረውም እዚያ ነው። ስለዚህ «ደራሲው የራሳቸውን ተማሪነት ነው የጻፉት» ማለት ይቀላል። ይህ አባባል ስህተት ላይሆን ይችላል። ግን ጠይቁት፦ ስለ ገጹ ምን ነገረን? ደራሲው ያንን ሕይወት ያውቁ ነበር ይለናል። ያንን እኮ ገጹ ራሱ ይመሰክራል፤ የተማሪውን ኑሮ ሲተርኩ ዝርዝሩን የማያውቅ ሰው እንዳልጻፈው ማንም ያያል። መጽሐፉ የነገረንን ከመጽሐፉ ውጪ መድገም ማስረጃ አይጨምርም።

ስለ ብፅዓቱም እንዲሁ። የበዛብህ እናት ውድነሽ ልጇን ለቤተ ክርስቲያን ተሳለች፤ ስለዚህ ትዳር ሊይዝ አይገባም። የታሪኩ መከራ ሁሉ የሚበቅለው ከዚህ ስለት ነው። አንድ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የስለት ልማድ አንድ ገጽ ቢጽፍ አዝናለሁ፤ ደራሲው እናትየዋ ስለቱን ለምንና እንዴት እንደተሳለች በራሳቸው ተራኪ አንደበት በደንብ አስረድተዋልና። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት ተራኪው ስለቱን ሲነግረን ከእናትየዋ ፍርሃት ጎን ቆሞ ነው ወይስ ከልጁ ነፃነት ጎን የሚለው ነው። ይህ በዓረፍተ ነገሮቹ አሠራር የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ የመልሱም ደስታ እዚያው ነው።

ታዲያ የደራሲው ሕይወት በጭራሽ አይገባም? ይገባል፤ ግን ምንባቡ ላይ የታየ ነገር ሲጠራው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በቅርብ የሚያነብ ሰው ተራኪው የጎጃምን ልማድ ሲያስረዳ ልማዱን ለማያውቅ ሰው የሚነግር እንደሚመስል ያስተውላል። የአገሩ ሰው ለአገሩ ሰው ሲያወራ ልማዱን ቆሞ አያብራራም። ይህ ተራኪ ግን ከውስጥም ያውቃል፣ ከሩቅም ያያል። ይህን ከገጹ ሁለት ሦስት ቦታ አንሥቶ ያሳየ ተማሪ ከዚያ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ተገቢ ነው፦ ሀዲስ በ1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ሰባት ዓመት ያህል ጣልያን አገር ታስረዋል፤ በኋላም ብዙ ዓመት በውጭ አገር በዲፕሎማትነት ኖረዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ክርክሩን አልሠራውም፤ ክርክሩ በገጹ ላይ ቆሟል። ዓረፍተ ነገሩ ያንን እይታ እንግዳ እንዳይሆንብን ብቻ አደረገ። ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጡት፤ «ደራሲው ውጭ ስለኖሩ ተራኪው ከሩቅ ያያል» በሉ። ያን ጊዜ ገጹን ማንበብ ሳያስፈልገን አመንን ማለት ነው። አንድ ዓይነት መረጃ፣ አንድ ዓይነት ርዝመት፤ የቆመበት ቦታ ብቻ ተለወጠ።

ጉዱ ካሳ ዘንድ ስንደርስ ፈተናው ይከብዳል። ካሳ ዳምጤን አገሬው ጉዱ ካሳ ይለዋል፤ እብድ ነው ብሎ ይንቀዋል። እሱ ግን የማኅበረሰቡን ሥርዓት እንደ ድንጋይ ካብ አድርጎ የሚያይበት ንግግር አለው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ተጭኖ የቆመ፣ የታችኛው ሲናጋ የላይኛውም የሚፈርስ አድርጎ። ይህን ያነበበ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል «ጉዱ ካሳ የደራሲው አፈ ቀላጤ ነው» ይላል። የተማሩት፣ ውጭ አገር ያዩት፣ ለውጥ የሚፈልጉት ሀዲስ በጉዱ ካሳ አንደበት ተናገሩ ይላል። ክፉው ነገር ይህ አባባል ገጸ ባሕርዩን ማጥፋቱ ነው። ጉዱ ካሳ ደራሲው ከሆነ ንግግሩ ትክክል ስለመሆኑ መጠየቅ ቀረ፤ ትንተናውም ንግግሩን በሌላ ቃል መድገም ይሆናል።

የደራሲውን ሕይወት ወደ ጎን ትተን ገጹን ስንጠይቅ ብዙ ነገር ይወጣል። ደራሲው ይህን የመሰለ ንግግር ለምን አገሬው በማያምነው ሰው አፍ ውስጥ አኖሩት? ያው ሐሳብ በአንድ የተከበረ መምህር አፍ ቢነገር ኖሮ ሰሚው እንዴት ይቀበለው ነበር? ምስሉስ ምን ይዟል? ካብ ውስጥ ድንጋይ በራሱ ፈቃድ አይንቀሳቀስም፤ ባላገሮቹ ግን በፈቃዳቸው እምቢ ብለዋል። እንግዲህ የጉዱ ካሳ ምስልና የአበጀ በለው ድርጊት ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። ጉዱ ካሳ ያየው መፍረስን ነው፤ ባላገሮቹ ያደረጉት ወሰን ማስከበርን ነው። ይህ ልዩነት በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጥልቅ ነገሮች አንዱ ይመስለኛል። «አፈ ቀላጤ» ያለ አንባቢ ግን ልዩነቱን ሊያየው አይችልም፤ ደራሲው ሁለቱንም ገጸ ባሕርያት ጽፈው ሳለ ከአንዱ ጋር ብቻ አስሯቸዋልና።

ያ መጀመሪያ ያነበብኩላችሁ አንቀጽ በዚህ መንገድ ቢጻፍ ምን ሊመስል እንደሚችል ላሰማችሁ። «ባላገሮቹ ለፊታውራሪ መሸሻ እምቢ ሲሉ የሚገባውን እንደሚሰጡ አስቀድመው ይናገራሉ፤ የማይቀበሉት ከልማዱ ያለፈውን ብቻ ነው። እንዲህ ለመናገር የሚያስችላቸው በጎጃም ባላገሩ ባለ ርስት፣ ጌታው ደግሞ ባለ ጉልት መሆኑ ነው፤ ግብር ይቀበላል እንጂ መሬቱ የእሱ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ምንባብ ውስጥ ልማድን የሚጠቅሱት ባላገሮቹ፣ ልማድን የሚሻገሩት ጌታው ናቸው። ተራኪው ይህን መገለባበጥ በግልጽ አይነግረንም፤ የፊታውራሪን ንግግር በቁጣ ሞልቶ፣ የባላገሮቹን በምክንያት ሞልቶ ያሳየናል።» ይህ ከፊተኛው በርዝመት አይበልጥም። ዳራው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከሱ በፊት ምንባብ አለ፣ ከሱ በኋላም ምንባብ አለ። የልደት ዓመቱ ወጣ፤ ማንም አላጣውም።

«ስንት በመቶ ይሁን?» እያሉ የሚጠይቁኝ ተማሪዎች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ስለሆነ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። አንድ ሺህ ቃል በሚሆን የምንባብ ትንተና ውስጥ ዳራው ከመቶ ቃል ካለፈ አጠገቡ ምልክት አድርጉ፤ ምናልባት ሁሉም ተገቢ ይሆናል፣ ግን አንድ በአንድ ይመርመር። በሁለት ተከታታይ ዓረፍተ ነገሮች ስለ ምንባቡ ምንም ካልተባለ ሦስተኛው ወደ ገጹ ይመለስ። የመጀመሪያው አንቀጽ በደራሲው አይጀመር፤ ምንባቡ ውስጥ ባለ አንድ ነገር ይጀመር። ከሁሉ የሚበልጠው መፈተኛ ግን ይህ ነው፦ የዳራውን ዓረፍተ ነገር በእጃችሁ ሸፍኑትና ቀጥሎ ያለውን ትንተና አንብቡ። ትንተናው ምንም ሳይጎድለው ከቆመ የሸፈናችሁት ትርፍ ነው። ከወደቀ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የወደቀው ዳራው ቃሉን ስላስረዳ ነው ወይስ ከዳራው በቀር ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ? የጎጃም ርስት የመጀመሪያው ዓይነት ነው። «ደራሲው ውጭ ስለኖሩ» የሚለው ሁለተኛው ነው።

መምህራን፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ተማሪው የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ እኛ ነጥብ ስለምንሰጥበት ነው። በእርማት መመሪያችን ላይ «የደራሲውን ማንነትና ዘመኑን ገልጿል» የሚል መስመር ካለ ተማሪው ምንም ብንመክረው በዚያ መስመር ይጀምራል፤ ልንወቅሰውም አንችልም። መስመሩን «ዳራውን ከምንባቡ ቃል ጋር አገናኝቷል» ብለን ብንለውጠው ከማንኛውም ንግግር በላይ ይሠራል። በፈተናው ወረቀት ላይም የኅትመቱን ዓመትና አንድ ሁለት የቃላት መፍቻ እኛው ብንሰጥ ተማሪው ያንን ለመጻፍ የሚያጠፋውን ጊዜ ለምንባቡ ያውለዋል።

እስካሁን ያልኩት በቀላሉ የማይሠራበት መጽሐፍ አለ፤ እሱን ሳላነሣ ብወርድ አላመንኩበትም ማለት ይሆናል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ በዚሁ በምዕራብ አዲስ አበባ ባለው በጄኔራል ዊንጌት ተምሯል፤ በኋላም ጋዜጠኛና አዘጋጅ፣ ከዚያም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኗል። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲካሄድ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ ነበር። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተነሣ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። የመጽሐፉ ተራኪ ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ በዘመቻው ሥራ ወደ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያም ፊያሜታን ያፈቅራል። ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የደራሲውን መጥፋት ሳያስብ አንድ ገጽ ማለፍ ይከብደዋል። እኔም ይከብደኛል፤ ማንንም እንዳያስብ አልጠይቅም።

እዚህ መጽሐፍ ላይ ያንኑ ልክ ለመጠቀም ስሞክር ነገሩ በሦስት ይከፈልብኛል። ዘመቻው መግባት አለበት፤ ገጹ በስሙ ይጠራዋልና፣ የባለሥልጣናቱ ስብሰባና የመፈክሩ ቋንቋ ያለ እሱ አይገቡም። የበዓሉ አስመራ መኖር ሊገባ ይችላል፤ ግን «ፀጋዬ በዓሉ ነው» ለማለት ከሆነ አይገባም፤ ያን ጊዜ ተራኪው ራሱን ሲያታልል፣ ሥራውን ሲወድና ሲጠራጠር በአንድ ጊዜ የሚታይበትን ጽሕፈት ማንበብ እናቆማለን። ፀጋዬ የማያውቀውን በዓሉ ያውቃል፤ ልብ ወለዱ የሚሠራው በዚህ ልዩነት ነው። ሦስተኛው የካቲት 6 ነው። መጽሐፉ ሲጻፍ ያ ቀን አልነበረም። ስለዚህ የፀጋዬ ተስፋ መቁረጥ የደራሲውን ዕጣ «ይተነብያል» የሚል ዓረፍተ ነገር በምንባብ ትንተና ውስጥ ሲመጣ፣ ቢያሳዝነኝም፣ በቀይ አሰምርበታለሁ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ጭካኔ ነው ይሉኛል፤ ሰው ለመጽሐፉ ጠፍቶ ሳለ መጽሐፉን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ማንበብ ውለታ ቢስነት ነው ይላሉ። በቁም ነገር አስቤበታለሁ። የምመልሰው ይህን ነው። የበዓሉ መጥፋት መጻፍ አለበት፤ ሙሉ መጣጥፍ፣ ሙሉ መጽሐፍ ይገባዋል፤ የተጻፈም አለ። ግን በዓሉ የጻፈው ልብ ወለድ ነው፤ ዓረፍተ ነገር መርጧል፣ ተራኪ ፈጥሯል፣ ፍቅርና ፖለቲካን በአንድ ምዕራፍ ውስጥ እንዴት እንደሚያኖር አስቧል። እያንዳንዱን ገጽ በየካቲት 6 ስናነብ ጸሐፊነቱን እንዘነጋለን፤ ሰለባነቱ ብቻ ይቀራል። ተማሪው ስለዚያ ቀን መጻፍ ከፈለገ ትንተናውን ጨርሶ፣ መስመር ዘልሎ፣ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አንባቢው ምን ይዞ እንደሚያነበው በአንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ አንባቢውም ከየትኛው ዘመን እንደሚናገር ይወቅ። ፊተኛው ስለ ጽሑፉ ነው፤ ይህ ስለ እኛ ስለ አንባቢዎቹ ነው። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን አይኑሩ።

አሁን ከእናንተ ጥያቄ እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ ይዛችሁት የምትሄዱት የባላገሮቹ ምንባብ በወረቀት ተባዝቶ በር ላይ አለ፤ በጀርባው የኅትመቱ ዓመትና ስለ ርስትና ጉልት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ታትሟል።